ከስብሰባ ትራንስክሪፕት ወደ ማስታወሻ ኢሜይል፦ ውሳኔንና የሥራ ድርሻን ሳያዛቡ ለተሳታፊዎች የማድረስ መመሪያ

ስብሰባ ተቀርጾ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ለተሳታፊዎች የሚላከውን ኢሜይል መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ የተባለው ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጧልና። ችግሩ ትራንስክሪፕቱ የሚይዘው የተነገረውን እንጂ የተወሰነውን አለመሆኑ ነው። አንድ ሐሳብ በ14ኛው ደቂቃ ተነሥቶ በ38ኛው ሊሻሻል ይችላል፤ አንድ ሰው «እሺ» ሲል ተስማምቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሰምቻለሁ ማለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኢሜይሉን የሚጽፈው ሰው ዋና ሥራም እነዚህን መለየት ነው፤ አጻጻፉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

መመሪያውን በአንድ ምሳሌ እየተከተልን እንሂድ። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ድርጅት በሐዋሳ ከተማ ከታኅሣሥ 6 እስከ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ለመምህራን የሦስት ቀን ስልጠና ሊሰጥ አስቧል እንበል። ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን አራት ሰዎች በኢንተርኔት ተሰበሰቡ፦ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የሎጂስቲክስ ባለሙያው፣ እንዲሁም ዋሽንግተን የምትኖረው አሰልጣኝ። ዳይሬክተሩ አልተገኙም። ከትራንስክሪፕቱ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅሙት መስመሮች የሚከተሉት ናቸው።

00:14:20 አስተባባሪ፦ አዳራሹን እንግዲህ ሐይቁ ዳር ያለውን እንያዘው ወይ?
00:14:31 ሎጂስቲክስ፦ ዋጋው ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ግን ለ40 ሰው ይበቃል።
00:14:40 ፋይናንስ፦ በጀቱ የተያዘው ለ35 ነው።
00:14:52 አስተባባሪ፦ እሺ፣ በ35 እንቁረጠው። አዳራሹ ያው ይሁን።
00:15:03 ፋይናንስ፦ እሺ። ክፍያው ግን ሦስት ፕሮፎርማ ሳይቀርብ ይወጣል።
00:15:10 ሎጂስቲክስ፦ እሱ ይመጣል።
00:22:15 አሰልጣኝ፦ ሦስት ቀን አይበቃም፤ አራተኛ ቀን ብንጨምር ጥሩ ነው።
00:22:24 አስተባባሪ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እናየዋለን።
00:31:47 አሰልጣኝ፦ ማኑዋሉን አርብ፣ በ12 እልክላችኋለሁ።
00:38:05 አስተባባሪ፦ ቅድም ያልነው ቁጥር… ትምህርት ቢሮው ሁለት ታዛቢ እልካለሁ ብሏል፤ ስለዚህ 37 ይሆናል።
00:38:20 ፋይናንስ፦ አበል የሚከፈለው ግን ለ35ቱ ነው።
00:38:26 አስተባባሪ፦ አዎ።

አንደኛ፦ ትራንስክሪፕቱን ማጥራት

ጽሑፉ በሰው የተተየበም ሆነ በፕሮግራም የወጣ ቢሆን ሙሉውን ማረም አያስፈልግም፤ ውሳኔና ተግባር የሚነኩትን መስመሮች ብቻ ከድምፁ ጋር ማመሳከር ይበቃል። ትራንስክሪፕቱ በ.vtt ፋይል ከወጣ ከእያንዳንዱ ንግግር በላይ የሰዓት ምልክት ስላለ፣ ያንኑ ደቂቃ በቀረጻው ላይ ከፍቶ መስማት የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው።

ሦስት ነገሮችን በተለይ መስማት ይገባል። የመጀመሪያው አሉታ ነው። በአማርኛ አሉታው በጥቂት ፊደላት ስለሚንጠለጠል «አይወጣም» የተባለው ሲገለበጥ «ይወጣል» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በምሳሌያችን የ00:15:03 መስመር እንደዚያ ነው፤ «ሦስት ፕሮፎርማ ሳይቀርብ ይወጣል» የሚል የፋይናንስ ኃላፊ አይጠበቅም፤ ድምፁ ሲሰማም «አይወጣም» ሆኖ ተገኘ። ዓረፍተ ነገሩ ከተናጋሪው የሥራ ድርሻ ጋር ሲጋጭ ወደ ድምፁ መመለስ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ «አሥራ ሦስት» እና «አሥራ ስድስት» በመጥፎ መስመር ላይ ይቀላቀላሉ። ሦስተኛው የተናጋሪው ማንነት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ማይክ ሲናገሩ ትራንስክሪፕቱ ሁሉንም በአንድ ስም ያስቀምጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ሥራው ላልተቀበለው ሰው ተጽፎ ይሄዳል። ድምፁን የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ስሞቹን ቢያስተካክል ኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሁለተኛ፦ ውሳኔን ከወሬ መለየት

ትራንስክሪፕቱን ሲያነቡ በኅዳጉ ላይ ሦስት ምልክቶችን ብቻ ይጠቀሙ፦ ለውሳኔ «ው»፣ ለተግባር «ተ»፣ ሳይቋጭ ለቀረ ጉዳይ «ያ»። የቀረው ሁሉ፣ ማለትም ማብራሪያው፣ ክርክሩና ቀልዱ፣ ለኢሜይሉ አይፈለግም።

«ው» ከማለትዎ በፊት ግን አንድን ንግግር በሦስት ጥያቄ ይፈትኑት። ያንን የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ተናግሮታል ወይ? ከተናገረ በኋላ ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጠ ሰው አለ ወይ? ከዚያ መስመር በኋላ እስከ ስብሰባው መጨረሻ ድረስ ያሻሻለው ንግግር አለ ወይ?

የአዳራሹን ጉዳይ በዚህ እንፈትነው። አስተባባሪዋ «አዳራሹ ያው ይሁን» ብላለች፤ እዚህ ላይ የቆመ ሰው «ሐይቁ ዳር ያለው አዳራሽ ተመርጧል» ብሎ ይጽፋል። ከ11 ሰከንድ በኋላ ግን የፋይናንስ ኃላፊው ሦስት ፕሮፎርማ ካልቀረበ ክፍያ እንደማይወጣ ተናግሯል። ሦስት ፕሮፎርማ ማለት ሦስት አዳራሾች ይወዳደራሉ ማለት ስለሆነ፣ አዳራሹ አልቆለታል ብሎ መጻፍ ከፋይናንሱ አሠራር ጋር ይጋጫል። የሎጂስቲክስ ባለሙያው ኢሜይሉን አምኖ ለአዳራሹ ባለቤት ቃል ቢሰጥ ኋላ ችግር ውስጥ ይገባል። ትክክለኛው አጻጻፍ ሐይቁ ዳር ያለው አዳራሽ ቅድሚያ እንደተሰጠውና የመጨረሻው ምርጫ ፕሮፎርማዎቹ ሲነጻጸሩ እንደሚታወቅ የሚገልጽ ነው። አስተባባሪዋ ይህን ስታነብ «እኔ እኮ ወስኛለሁ» ልትል ትችላለች፤ ትበል፤ ከፋይናንሱ ጋር በዚያው ይነጋገሩበታል። ኢሜይሉ ሁለቱን ንግግሮች ካስታረቀ ወይም አንዱን ከዋጠ ግን ልዩነቱ ክፍያ የሚጠየቅበት ቀን ድረስ ተደብቆ ይቆያል።

የተሳታፊዎች ቁጥር ደግሞ የሦስተኛውን ጥያቄ አስፈላጊነት ያሳያል። በ14ኛው ደቂቃ 35 ተባለ፤ በ38ኛው ደቂቃ 37 ሆነ፤ ወዲያው ደግሞ አበሉ በ35 እንዲቆይ ተደረገ። ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ቁጥሮች በሁለት ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ጉዳይ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ቁልፍ ቃሉን በፍለጋ፣ ማለትም በ Ctrl+F፣ እስከ መጨረሻው መከተል የሚያስፈልገው። «ሰልጣኝ»፣ «ቁጥር»፣ «35» ብሎ መፈለግ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሰዎች ወደ ቀደመው ጉዳይ ሲመለሱ «ቅድም ያልነው»፣ «ያ ነገር»፣ «ወደ ኋላ ልመልሳችሁና» ስለሚሉ እነዚህንም መፈለግ ይጠቅማል። በኢሜይሉ የሚሰፍረው የመጨረሻው አቋም ብቻ ነው፦ በአዳራሹ የሚገኙት 37፣ አበል የሚከፈላቸው 35።

ሦስተኛ፦ ያልተቋጨውን ያልተቋጨ ብሎ መጻፍ

አሰልጣኟ አራተኛ ቀን እንዲጨመር ጠይቃ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እናየዋለን» ተብላለች። በእኛ የስብሰባ ባህል ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ በጨዋነት የተነገረ እምቢታ ነው፤ አንዳንዴ ግን የእውነት ማሰብ ነው። ጸሐፊው የትኛው እንደሆነ መገመት የለበትም። ነገሩን ጨርሶ መተውም አይገባም፤ ምክንያቱም አሰልጣኟ ሐሳቧ ተቀባይነት ያገኘ መስሏት የመመለሻ ቲኬቷን በአራት ቀን አስልታ ልትቆርጥ ትችላለች። የሚሻለው በሥራ ላይ ያለውን ሁኔታ ማስቀመጥ ነው፦ ስልጠናው ለጊዜው ሦስት ቀን ሆኖ ይቆያል፤ የአራተኛው ቀን ጥያቄ አልተወሰነም፤ መልሱን የሚሰጠው እገሌ ነው፤ እስከዚህ ቀን ድረስ። መልስ የሚሰጠው ሰው ካልታወቀ ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት አስተባባሪዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ ባለቤት

«እሱ ይመጣል» ብሏል የሎጂስቲክስ ባለሙያው ስለ ፕሮፎርማው። ማን ያመጣዋል? ከየት? መቼ? ንግግራችን አድራጊውን እየሸሸገ መሄድ ስለሚወድ ትራንስክሪፕቱ «ይላካል»፣ «ይዘጋጃል»፣ «እንሠራዋለን» በሚሉ ግሦች የተሞላ ነው። ኢሜይሉ ይህን መድገም የለበትም። እያንዳንዱ የተግባር መስመር በአንድ ሰው ስም ይጀምር፤ ከዚያ የሚሠራው ነገር፣ ከዚያ ቀኑ ይከተል። ሁለት ሰዎች አብረው የሚሠሩት ቢሆን እንኳ ተጠያቂው አንዱ ነው፤ ሌላው «በመተባበር» ተብሎ ይገለጽ። «የፋይናንስ ክፍል» ወይም «ኮሚቴው» የሚል ባለቤት በተግባር ባለቤት የሌለው ማለት ነው።

የሥራው ውጤትም ሊታይ የሚችል ይሁን። «ፕሮፎርማውን ይከታተላል» ሲባል ሥራው መቼ እንዳለቀ ማንም አያውቅም፤ «ሦስት ፕሮፎርማ ለፋይናንስ ኃላፊው ያስረክባል» ሲባል ግን ተረክበዋል ወይም አልተረከቡም።

በዚህ ደረጃ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። ሰውየው በስብሰባው ላይ ያልተቀበለውን ሥራም ሆነ ቀን በኢሜይሉ አይጻፍበት። በትራንስክሪፕቱ ላይ ቀን ከሌለ በስልክ ደውሎ «ፕሮፎርማዎቹን እስከ መቼ ያደርሱልናል? ልጽፈው ነው» ማለት ነው። በጽሑፍ ሁሉም ፊት የተሰጠ ያልተስማሙበት ቀን፣ በተለይ ከእርስዎ በሥራም በዕድሜም ለሚበልጥ ሰው፣ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ሰውየውም ላይቃወም፣ ሥራውንም ላይሠራ ይችላል።

አምስተኛ፦ ቀንና ሰዓት

አሰልጣኟ «አርብ፣ በ12» ብላለች። የአዲስ አበባዎቹ ኅዳር 12 ብለው ሰሙት፤ ያም አርብ ነው፣ ስብሰባው ከተደረገ ከሦስት ቀን በኋላ። እሷ የምትኖረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ዲሴምበር 12 ቀን 2025ም አርብ ነው። ይህ ግን ታኅሣሥ 3 ማለት ስለሆነ ማኑዋሉ ስልጠናው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ይደርሳል፤ ለማተምና ወደ ሐዋሳ ለማጓጓዝ ጊዜ አይተርፍም። በስብሰባው ላይ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም የገባው መስሎታል። ትራንስክሪፕቱን የሚያነበው ሰው ብቻ ነው ይህን ሊይዝ የሚችለው፤ እሱም የሚይዘው ቀኑን ወደ ሁለቱም አቆጣጠር ሲለውጥ ነው። ተጠይቃ በምሳሌያችን መልሷ «ኅዳር 12 ነው» ሆነ እንበል፤ ኢሜይሉ ላይ «አርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 21 ቀን 2025)» ተብሎ ይሰፍራል። የዕለቱ ስም፣ የእኛ ቀንና የፈረንጆቹ ቀን ሦስቱም ሲጻፉ አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ ያጋልጡታል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «በሦስት ሰዓት» የሚለው ለአዲስ አበባ ሰው ጠዋት ሥራ መግቢያ አካባቢ ነው፤ ውጭ አገር ለኖረ ሰው ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለቱንም ከተማ ሰዓት መጻፍ ይበጃል። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው፤ አሜሪካኖቹ በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ የባለፈውን ጊዜ ስሌት ከመገልበጥ በፊት ማየት ያስፈልጋል። «ነገ»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት»፣ «ከበዓሉ በኋላ» የሚሉት ቃላት ከትራንስክሪፕቱ ወደ ኢሜይሉ አይሻገሩ፤ ኢሜይሉ የሚነበበው በሌላ ቀን ነውና።

ስድስተኛ፦ ኢሜይሉን መጻፍ

የርእሰ ጉዳዩ መስመር ፕሮጀክቱን፣ የስብሰባውን ቀንና የኢሜይሉን ዓይነት ይያዝ፤ ከሁለት ወር በኋላ የሚፈልገው ሰው የሚያገኘው በዚህ ነው። መግቢያው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። ውሳኔዎቹ ይቀድማሉ፣ ተግባራቱ ይከተላሉ፣ ያልተቋጨው በመጨረሻ ይመጣል። ተግባራቱን በቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ በስብሰባው ቅደም ተከተል ከማስቀመጥ ይሻላል። ከዚህ በታች የሥራ መደብ የተጻፈበት ቦታ ላይ በእውነተኛው ኢሜይል ስም ከነማዕረጉ ይገባል።

> ርእስ፦ የሐዋሳ መምህራን ስልጠና፣ የኅዳር 9 ስብሰባ ውሳኔዎችና የሥራ ክፍፍል
>
> የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች፣
>
> ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ የተደረሰባቸው ውሳኔዎችና የተከፋፈሉ ሥራዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል። ከግንዛቤያችሁ የሚለይ ነገር ካለ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 8:00 ድረስ በዚሁ ኢሜይል ብትገልጹልኝ አስተካክላለሁ።
>
> የተወሰኑ ጉዳዮች
> 1. በስልጠናው የሚገኙት 37 ሰዎች ናቸው፦ 35 ሰልጣኞችና ከትምህርት ቢሮው 2 ታዛቢዎች። አበል የሚከፈለው ለ35ቱ ሰልጣኞች ብቻ ነው።
> 2. ለአዳራሽ ሐይቁ ዳር ላለው ቅድሚያ ተሰጥቷል። የመጨረሻው ምርጫ ሦስት ፕሮፎርማዎች ከተነጻጸሩ በኋላ ይታወቃል፤ እስከዚያ ድረስ ክፍያ አይፈጸምም።
>
> የሥራ ክፍፍል
> 1. አሰልጣኝ፦ የስልጠናውን ማኑዋል ለሁላችንም ይልካሉ፤ አርብ ኅዳር 12 (ኖቬምበር 21)።
> 2. የሎጂስቲክስ ባለሙያ፦ የአዳራሽ ሦስት ፕሮፎርማ ለፋይናንስ ኃላፊው ያስረክባሉ፤ ሰኞ ኅዳር 15 (ኖቬምበር 24)።
>
> ያልተወሰነ ጉዳይ
> አራተኛ የስልጠና ቀን እንዲጨመር የቀረበው ሐሳብ አልተወሰነም። አስተባባሪዋ ረቡዕ ኅዳር 17 (ኖቬምበር 26) በሚደረገው ስብሰባ መልስ ይሰጣሉ። እስከዚያ ድረስ ስልጠናው ከታኅሣሥ 6 እስከ 8 ሦስት ቀን ሆኖ ይቆያል።
>
> ቀጣይ ስብሰባ፦ ረቡዕ ኅዳር 17፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 8:00።

የሎጂስቲክስ ባለሙያው ቀን፣ የአስተባባሪዋ ረቡዕና የቀጣዩ ስብሰባ ሰዓት በትራንስክሪፕቱ ላይ የሉም፤ ሦስቱም በስልክ ተጠይቀው የተገኙ ናቸው። ሰዎቹን በአንቱታ መጥራት፣ በቢሮ ውስጥ «አንቺ» እና «አንተ» የሚባባሉ ቢሆኑም፣ ለጽሑፉ የሚስማማ ነው፤ ኢሜይሉ ወደ ዳይሬክተሩም ይደርሳልና። ክርክሩን ግን አይጻፉ። «ፋይናንስ ቢቃወምም» የሚል ሐረግ እውነት ቢሆን እንኳ ሰውየውን በሌሉት ሰዎች ፊት ያስወቅሰዋል።

ሰባተኛ፦ መላክና ማረም

ሥራ የተሰጣቸው ሰዎች በ To መስመር ይግቡ፤ ማወቅ ብቻ የሚገባቸው፣ እንደ ዳይሬክተሩ ያሉ፣ በ CC ይግቡ። ትራንስክሪፕቱን ከኢሜይሉ ጋር አያያይዙ። በውስጡ ስለ ሦስተኛ ወገን የተነገረ ነገር ወይም የደመወዝና የዋጋ ወሬ ሊኖር ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከተላከ ማን ጋር እንደሚደርስ አይታወቅም። ይልቁንም ለራስዎ በሚያስቀምጡት ቅጂ ላይ ከእያንዳንዱ ውሳኔ አጠገብ የደቂቃውን ምልክት ይጻፉ፤ ለምሳሌ ከተሳታፊዎች ቁጥር ጎን 00:38:05። ክርክር ሲነሣ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ሳይሆን ያችን ደቂቃ ብቻ ነው የሚያሰሙት።

በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ጠዋት ቢላክ መልካም ነው። ከዚያ በላይ ከዘገየ እያንዳንዱ ሰው በገባው መንገድ ሥራውን ስለሚጀምር ኢሜይሉ ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ እርማት ይሆናል። አንድ ነገር እስኪጣራ መጠበቅ ካስፈለገ የተጣራውን ልኮ የቀረውን «በመጣራት ላይ» ብሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ይህ ኢሜይል ቃለ ጉባኤን እንደማይተካም ልብ ይሏል፤ የቦርድ ወይም የጠቅላላ ጉባኤ ስብሰባ ከሆነ የሚፈረምበት ቃለ ጉባኤ ለብቻው መዘጋጀት አለበት።

እርማት ከመጣ፣ የመጣው ለእርስዎ ብቻ ቢሆንም፣ መልሱ መጀመሪያ በላኩት ኢሜይል ላይ በ Reply All ለሁሉም ይሂድ፤ አለበለዚያ ሁለት ዓይነት ውሳኔ በሁለት የመልእክት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሙሉውን ኢሜይል እንደገና ከመላክ ይልቅ የተለወጠውን መስመር ብቻ፣ የቀድሞውንና አዲሱን አብሮ መጻፍ ይበቃል፦ «በሥራ ክፍፍል ቁጥር 2 ላይ ‹ሰኞ ኅዳር 15› የነበረው ‹ማክሰኞ ኅዳር 16 (ኖቬምበር 25)› ተብሎ ተስተካክሏል»። የመጣው እርማት ግን በስብሰባው የተባለውን የሚያስተካክል ሳይሆን ውሳኔውን የሚቀይር ከሆነ፣ ለምሳሌ የፋይናንስ ኃላፊው አሁን ደግሞ ለታዛቢዎቹም አበል ይከፈል ቢል፣ ጸሐፊው በራሱ አይለውጠውም፤ ወደ አስተባባሪዋ ይመራዋል፣ እሷ ስትወስንም እንደ አዲስ ውሳኔ ከነቀኑ ያሳውቃል።